ሰኔ ላይ ያራገፍነው ቀለም ሐምሌ ላይ አፍጦ መጣ፣ ቲሜን ምን ልበለው?

«ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ። የቀለም አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው የምሰራው፣ ግንቦት ላይ ሴልስ ማናጀር አደረጉኝ። ሰኔ ላይ የዓመቱን እቅድ ለመድፈን ተሯሩጠን በወር 9 ሚሊዮን የምንሸጠውን 14 ሚሊዮን አደረስነው፣ ተጨበጨበልን። አሁን ለሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም 30 ሚሊዮን ታርጌት ሰጡኝ። አምና በዚሁ ጊዜ የተሸጠው 24 ነበር፣ ከዛ ወዲህ ዋጋ 20 ፐርሰንት ጨምረናል። ስድስት ሴልስ ነበሩኝ፣ መርካቶን የያዘው ጎበዙ ልጅ ለቀቀ። የሰኔ ኮሚሽንም ገና አልተከፈለም። ሰኞ ጠዋት ቲሙን ሰብስቤ መናገር አለብኝ። ‹እኛ አንበሶች ነን፣ ክረምት አያስቆመንም› የሚል ፓወርፖይንት ሰርቻለሁ ግን ለራሴ ሳነበው እኔኑ ያሳፍረኛል። ምን ልበላቸው?»

ወንድሜ፣ ያሳፈረህ ነገር ትክክል ነው፣ አንበሳውን ከፓወርፖይንቱ አውጣው። እንደውም ፓወርፖይንቱንም ተወው፣ ለአምስት ሰው ምን ያደርጋል፣ አንድ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ይበቃሃል።

እኔም እንዳንተ ጀማሪ እያለሁ እንደዛ አይነት ንግግር አድርጌ አውቃለሁ። ድርጅቱን አልጠራውም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስጮህ ቆይቼ «ጥያቄ ያለው?» ስል ከሁሉም የሚበልጠን ሽማግሌ ሴልስ እጁን አወጣና «አለቃ፣ ያለፈው ኮሚሽን መቼ ነው የሚገባው?» አለኝ፣ በቃ። ሌላ ማንም ምንም አልጠየቀም፣ ሁሉም ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ እሱን ነበር የሚጠብቀው። ከዛ ቀን በኋላ የተማርኩት፣ ክፉ ኳርተር ሲጀመር ሰው የሚያዳምጥህ እሱ የሚያውቀውን ነገር አንተም ታውቅ እንደሆነ ለማየት ነው። ልጆችህ ደሞ አንድ ነገር በደንብ ያውቃሉ፦ ሱቆቹ ሙሉ ናቸው።

ነገሩን እንየው። ሱቆቹ በወር 9 ሚሊዮን ሲወስዱ የነበሩት ደንበኛው ያንን ያህል ስለሚገዛቸው ነው። ሰኔ ላይ 14 ሲወስዱ ደንበኛው አልጨመረም፣ እናንተ «ክሬዲቱን እናራዝምልሃለን፣ ሐምሌ ዋጋ ሊጨምር ይችላል፣ እባክህ ለእኔ ብለህ» ብላችሁ ነው ያስገባችሁት። አላደረግንም እንዳትለኝ፣ ሰኔ ላይ ያላደረገ ሴልስ አይቼ አላውቅም። ያ ትርፍ 5 ሚሊዮን የተሸጠ አይደለም፣ ከእናንተ መጋዘን ወደ ነጋዴው መጋዘን ነው የሄደው። ለጌቶችህ ሽያጭ ነው፣ ለሱቁ ግን መደርደሪያው ላይ የተኛ ብር ነው። ሰኞ ተነስተህ «ሐምሌ 10 ሚሊዮን!» ብትል ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ እንጂ አይነሱም፣ ምክንያቱም ሱቁ በር ላይ ቆመው «ገና ያንን አልጨረስኩም ኮ» የሚባሉት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ከንግግሩ በፊት ካልኩሌተር ይዘህ ቁጭ በል። አምና የሸጣችሁት 24 በአሁኑ ዋጋ 28.8 ሚሊዮን ነው፣ 20 ፐርሰንቱን ስትጨምርበት። ማለትም ልክ አምና የሸጣችሁትን ያህል ጋሎን ብትሸጡ 28.8 ይመጣል፣ 30 የተባለው በጋሎን ሲታይ ከአምናው ትንሽ ነው ያለፈው፣ 4 ፐርሰንት ገደማ። ይሄንን ለልጆቹ ንገራቸው፣ ምክንያቱም «ከ24 ወደ 30» ሲባል ሰማይ ነው የሚመስላቸው። አሁን ደሞ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠውን 5 ቀንስ። 23.8፣ በቃ 24 በለው። ከሱቆቹ በተለመደው መንገድ የሚመጣው ይሄ ነው፣ ጉድለትህ 6 ሚሊዮን ነው። (አንድ ነገር አረጋግጥ፣ አምና ሰኔም እንደዚህ ተራግፎ ከነበረ የአምናው 24 ራሱ የተቀነሰ ቁጥር ነው፣ ሁለቴ እንዳትቀንስ። የአምናውን ሰኔ ከአምናው ግንቦት ጋር አስተያየው፣ ወዲያው ይታይሃል።)

ከዛ በወር አከፋፍለው ግን ለሦስት እኩል አታካፍል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ማናጀር የሚሳሳተው። ይሄ ኳርተር ከሌሎቹ አይመሳሰልም። ጳጉሜ ስላለችበት 95 ቀን ነው፣ ሌሎቹ 90 ናቸው። ግን ሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት ነጋዴው ሰኔ 30 ሒሳብ ዘግቶ ቆጠራና ግብር ላይ ነው፣ ብሩ ወደዛ ነው የሚሄደው። ዝናቡ ደሞ አለ፣ የውጪ ግድግዳ ቀለም በክረምት ማን ይቀባል፣ እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም አብጦ ይላጣል፣ ቀቢውም ባለቤቱም ያውቁታል። ስለዚህ ኳርትዝ ምናምን የሚባለውን የውጪ ቀለም ሐምሌ ላይ ለሱቅ አትግፉ፣ ቢወስድላችሁም ይመልስላችኋል። ነሐሴ ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤቶች ክፍል የሚቀቡት ተማሪ ሳይገባ ነው፣ ከዛ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን የሚያድስ ሰው አለ፣ ሳሎን የሚያስቀባ፣ በርና መስኮት ዘይት ቀለም የሚያስመታ። መስከረም ደሞ ወር ሙሉ እንዳይመስልህ፣ መርካቶ ውስጥ የጉራጌ ነጋዴ ለመስቀል አገሩ ይገባል፣ ደመራው መስከረም 16 ነው ግን ሱቁ ከዛ በፊት ነው መዘጋት የሚጀምረው፣ የሚመለሰውም በማግስቱ አይደለም። መርካቶ ላይ ከመስከረም 10 በኋላ ትልቅ ኦርደር እጠብቃለሁ ካልክ የተዘጋ በር ነው የምታንኳኳው።

ይሄን ይዘህ ስታከፋፍለው፣ ሐምሌ በተለመደው ክረምት 8 ሚሊዮን ያህል ቢያወጣ 5ቱ ከሱቁ መደርደሪያ ስለሚወጣ ላንተ 3 ነው የሚቀረው። ነሐሴና ጳጉሜ 12፣ መስከረም 9 ገደማ። የአምናውን የወር ወር ቁጥር አንተ ስለምታውቀው አስተካክለው፣ አካሄዱ ግን ይሄ ነው። ጉድለቱን የት ታገኛለህ? እኔ ብሆን ትልቁን ጉልበቴን የግል ትምህርት ቤቶች ላይ ነበር የማደርገው፣ ሱቅ ሳይሆን ቀጥታ ራሳቸው ጋ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 7 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል፣ ቁመቱ 3፣ ግድግዳው 90 ካሬ ይመጣል፣ በርና መስኮቱን ስትቀንስ 70 በለው። ሁለት እጅ ሲቀባ በሊትር ወደ 10 ካሬ ይዞ 14 ሊትር ይፈልጋል፣ ባለ 4 ሊትሩ ጋሎን ከሆነ አራት ጋሎን መሆኑ ነው፣ ኮርኒሱን ሳይጨምር። 20 ክፍል ያለው ትምህርት ቤት 80 ጋሎን ፕላስቲክ ቀለም፣ ኮሪደሩ፣ የብረት በርና መስኮቱ ዘይት ቀለም ሲጨመር ከአንድ ትንሽ ሱቅ ኦርደር ይበልጣል። ግን ውሳኔው ሐምሌ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ነሐሴ አጋማሽ የሚሄድ ልጅ ቀቢዎቹን መሰላል ላይ ነው የሚያገኛቸው፣ ባልዲው ደሞ የሌላ ድርጅት ነው። የመንግስት ትምህርት ቤቶችን ለዚህ ኳርተር አትቁጠር፣ አዲሱ በጀት ተለቆ፣ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ግዢ አልቆ ብሩ እስኪወጣ ጥቅምት ይሆንብሃል።

ትምህርት ቤቶቹ 2 ሚሊዮን ቢያመጡልህ ድምሩ 26 ነው። ሐምሌ 3፣ ነሐሴ 14፣ መስከረም 9። የቀረው 4 ሚሊዮን ከየት እንደሚመጣ አንተም አታውቅም እኔም አላውቅም፣ ልጆቹም ፊትህ ላይ ያነቡታል። ስለዚህ ሰኞ ሳይሆን ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ጋ ግባ። ታርጌቱ ይቀነስልኝ ብለህ አትግባ፣ «እምቢ» ነው መልሱ፣ አዲስ ማናጀር ሆነህ ደሞ ፈራ ያስብልሃል። ያንን የወር ክፍፍል አሳየውና ሦስት ነገር ጠይቅ፣ የሐምሌ ቁጥር 3 እንዲሆን፣ ከ26 በላይ ለሚመጣው ከፍ ያለ ኮሚሽን እንዲታሰብ፣ እና የሰኔው ኮሚሽን የሚከፈልበት ቀን። ስለ ሰኔው 5 ሚሊዮን ራሱ ካነሳው ሳትሸሽ ንገረው፣ እሱም ያውቀዋል፣ ማጨብጨቡ ደስ ብሎት ነው።

እዚህ ጋ ሳልናገር የማላልፈው አለ። የሐምሌ ኮሚሽን በኢንቮይስ ብቻ ከታሰበ ልጆቹ ምግባቸው ስለሆነ ድጋሚ ሱቁን ያጭቁታል፣ በሚቀጥለው ወር ደሞ ድጋሚ ይጎድላል፣ ማቆሚያ የለውም። ሐምሌ ላይ የሚያስፈልግህ ሥራ ሁለት ነው፣ ሰኔ በዱቤ የወጣውን ብር መሰብሰብና ሱቅ ውስጥ ያለውን ስቶክ ማወቅ። ስለዚህ ለሐምሌ ብቻ ኮሚሽኑን በተሰበሰበ ብር አስብላቸው። ሰኔ የወጣው ዕቃ ክፍያው አሁን ነው የሚደርሰው አይደል፣ ስለዚህ ልጁ ባዶ እጁን አይገባም፣ ድርጅቱም ብር ያገኛል፣ ፋይናንስ ያለው ሰውዬ ራሱ ይደግፍሃል።

የሰኞው ንግግር እንግዲህ ይሄን ሁሉ ጨርሰህ ስትመጣ አሥራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምለው፣ አንተ በራስህ አፍ አድርገው፦

«እንደምን አደራችሁ። መጀመሪያ ኮሚሽን። የሰኔው በዚህ በዚህ ቀን ይገባል፣ ትናንት ተፈርሟል፣ ካልገባ ለእኔ ደውሉ፣ ፋይናንስ ጋ እኔ ነኝ የምሄደው። ሁለተኛ፣ ሰኔ ላይ ሱቆቹን ከሚችሉት በላይ ሞልተናል። እኔም ግፉ ብያለሁ፣ የእናንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። ወደ 5 ሚሊዮን ብር የሚሆን ቀለም ገና አልተሸጠም፣ ስለዚህ ሐምሌ ላይ ማንም ሰው ሙሉ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ተጨማሪ ውሰድ ብሎ እንዲለምን አልፈልግም። የሐምሌ ታርጌት 3 ሚሊዮን ነው። እስከ ሐምሌ 15 ድረስ እያንዳንዳችሁ ያላችሁን ሱቅ በሙሉ ታዳርሳላችሁ፣ ምን ያህል እንዳላቸው በቀለም አይነትና በመጠን ትጽፋላችሁ፣ የደረሰ ብር ትሰበስባላችሁ። የዚህ ወር ኮሚሽን በሰበሰባችሁት ነው። ሦስተኛ፣ በየሰፈራችሁ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶችን ስም እስከ ረቡዕ አምጡልኝ፣ ማን ወሳኝ እንደሆነ ጭምር፣ ዳይሬክተሩ ነው ወይስ ባለቤቱ። የኳርተሩ ታርጌት 30 ነው። 26ቱ ከየት እንደሚመጣ ሰሌዳው ላይ አለ። 4ቱን አላውቀውም። ሐሳብ ያለው እስከ ዓርብ ይንገረኝ፣ ከ26 በላይ ያለው ኮሚሽኑ ከፍ ያለ ነው።»

«አላውቀውም» የምትለዋን ቃል እንዳታወጣት። ማናጀር ሁሉን ነገር የሚያውቅ ሲመስል ልጆቹ የሚያውቁትን ይደብቁታል። አንዷ ልጅህ ምናልባት ሆቴል እያደሰ ያለ ዘመድ ይኖራታል፣ አንዱ ከቀቢዎች ጋር ሻይ የሚጠጣ ይሆናል (ባለቤቱ ኮ ብዙ ጊዜ ቀቢው ያለውን ነው የሚገዛው)፣ ይሄን የሚያወጡት ቦታ ስትተውላቸው ነው።

የለቀቀውን ልጅ በተመለከተ በንግግሩ ላይ በስሙ አንሳው፣ አታሞካሸው አታማው፣ «ሄዷል፣ መልካም ይሁንለት» በልና ወዲያው መርካቶን ማን እንደሚይዝ ተናገር። ለአንድ ሰው ሙሉ በሙሉ አሸክመህ ታርጌቱንም ደርበህ እንዳትሰጠው፣ ያ ልጅ በጳጉሜ ይለቅብሃል። እኔ ብሆን ትልልቆቹን ሱቆች ራሴ እይዛለሁ፣ እስከ መስከረም 10፣ የቀሩትን ለሁለት አካፍላለሁ። የመርካቶ ነጋዴ ሰው ሲቀየርበት «የድሮው ልጅ በዚህ ዋጋ ቃል ገብቶልኛል» ይልሃል፣ አንዳንዱ እውነት ነው አንዳንዱ አይደለም፣ በጽሑፍ ካለ አክብር፣ ከሌለ በትህትና እንቢ በል። ግን አዲሱ ልጅ ብቻውን ሄዶ እንዳይገጥመው፣ መጀመሪያ ቀን አብረኸው ግባ።

የስቶክ ቆጠራው ላይ ደሞ እንዳትታለል። ነጋዴው ሰኔ 30 ራሱ ቆጥሯል፣ የቀለሙን ሊስት ቢጠይቁት አይከብደውም፣ እምቢ ካለ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልህ። ሪፖርቱ ሲመጣ የቁጥሮቹን መጨረሻ እይ። ሁሉም 5ና 10፣ 20ና 50 ከሆነ ልጁ ካፌ ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው። እውነተኛ ቆጠራ 7 አለበት፣ 13 አለበት፣ «ሁለት ባልዲ ክዳኑ የተሰበረ» አለበት። አታዋርደው ግን፣ ሁለት ሱቅ መርጠህ አብረኸው ሂድና አብራችሁ ቁጠሩ፣ ሁለተኛ አይደግመውም።

ሌላ አንድ ነገር ብቻ ጨምር ንግግሩ ላይ፣ ይሄንን ከባድ ዋጋ ከፍዬ ነው ያወቅኩት። በ2016 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሆኜ ቲሜን ሰብስቤ የዋጋ ሊስት አድዬ ታርጌት ሰጥቼ ላክኋቸው። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው፣ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የኛ ሊስት ወረቀት ሆነ። ግማሹ ልጅ በድሮው ዋጋ ቃል ገብቶ ነበር፣ ግማሹ መሸጥ አቁሞ ይጠብቅ ነበር፣ ነጋዴው ደሞ ያለንን ሁሉ በድሮው ዋጋ ሊወስድ በር ላይ ተሰልፏል፣ እኔ ስልክ ማንሳት አቃተኝ። ችግሩ ምንዛሬው ብቻ አልነበረም፣ እንደዛ አይነት ነገር ቢመጣ ማን ምን እንደሚወስን ሐምሌ 1 ላይ አለመናገሬ ነው። አንተ ተናገር፦ ዋጋ ከተቀየረ በዚያው ቀን መሸጥ ይቆማል፣ እኔ በ24 ሰዓት ውስጥ አዲስ ሊስት በቴሌግራም ግሩፓችን እልካለሁ፣ ከዛ በፊት የተፈረመ ኦርደር በድሮው ዋጋ ይወጣል፣ በአፍ የተገባ ቃል ግን አይወጣም። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ግን ቀድመህ ተስማማበት፣ ልጆቹ ፊት ቃል ገብተህ እሱ ቢሽረው ከዛ በኋላ ማንም አይሰማህም።

ስለ ድምፅህ፣ ስለ አቋቋምህ ምናምን አትጨነቅ። ቁጭ ብለህ ብትናገርም ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት አድርገው፣ ከሰዓት አታድርገው፣ እንደጨረስክ ወዲያው ወደ ሱቅ እንዲወጡ፣ ዝናቡም ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚብሰው።

የኮሚሽኑ ፊርማ ግን እስከ እሁድ ማታ ካልተገኘ ስብሰባውን አታድርግ። ቀኑን ሳትይዝ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መናገር አትችልም፣ እሱን ዘለህ ደሞ ሌላውን ማን ይሰማሃል። ለልጆቹ «ስብሰባው ረቡዕ ነው፣ ሰኞና ማክሰኞ ሱቆቹን ቁጠሩ» ብለህ ጻፍላቸውና አንተ ሰኞ ጠዋት ፋይናንስ በር ላይ ቁም።